እግሩ የተቆረጠ ግራፍ፦ ሼር ከማድረግህ በፊት ወደ ታች ተመልከት

ወገን!

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላው ወገን ተንኮል ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችንም ነው። ቅር የሚልህ ካለህ ቅር ይበልህ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። አንቺም እህቴ እንደዚያው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በግራፍ ይጥለቀለቃል። ሁለት የቆሙ ምሰሶዎች፣ በአናታቸው ሁለት ቁጥር፣ ከጎናቸው አንድ ትልቅ ቀስት። አንዱ «ታሪካዊ እድገት!» ብሎ ይለጥፋል። ሌላው «ትውልድ አለቀ!» ብሎ ይለጥፋል። እኛ ደግሞ መሃል ቆመን ደማችንን ያፈላውን እንመርጥና ሼር እናደርጋለን። ኮሜንት ላይ ስንሰዳደብ እናመሻለን። ከዚያ ሁሉ ተሰዳዳቢ ውስጥ ግራፉን ያነበበ ስንት ነው? አየነው እንጂ አላነበብነውም።

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። የ2015 ዓ.ም. ውጤት ሲወጣ ሁለት ምሰሶ ያለው ግራፍ ደረሰኝ። የ2014ቱ ምሰሶ ረጅም፣ የ2015ቱ ምሰሶ ግማሹን የሚያህል። ከላይ በቀይ «የማለፍ መጠን አሽቆለቆለ» ይላል። አላቅማማሁም፣ ለጠፍኩት። በደቂቃዎች ውስጥ «እግዚኦ» የሚለው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚራገመው በዛ። ደስ አለኝ ማለት ይከብዳል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ ላይ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ደጅ ላይ ጠሩኝ። ልጃቸው አሳይታቸው ኖሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ግራፍ ከስንት ነው የሚጀምረው?» አሉኝ።

«እንዴት ከስንት?»

«ከታች፣ ምሰሶዎቹ የቆሙበት መሬት ላይ ምን ቁጥር ተጽፏል?»

ስልኩን አስፍቼ አየሁ። በግራ በኩል ከታች ወደ ላይ በሚወጣው የቁጥር መስመር ግርጌ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል 3.1 ይላል። ዜሮ አይደለም። 3.1 ነው።

«አየህ» አሉኝ፣ «እግሩን ቆርጠው ነው የሰጡህ።»

ያኔ የሆነውን አሁን በቁጥር ላሳይህ። በ2014 የማለፍ መጠኑ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ልዩነቱ ከመቶ ተማሪ የአንድ ተማሪ አንድ አሥረኛ ነው። ግራፉ ከ3.1 ሲጀምር ግን የ2014ቱ ምሰሶ የሚታየው ቁመት 3.3 ሲቀነስ 3.1፣ ማለትም 0.2 ብቻ ነው። የ2015ቱ 3.2 ሲቀነስ 3.1፣ 0.1 ነው። 0.1 የ0.2 ግማሽ ነው። በዚህ ምክንያት በሦስት ከመቶ ገደማ የቀነሰው ነገር በዓይን ሲታይ በግማሽ የወደቀ መሰለ።

ውሸት የተጻፈበት ቁጥር አለ? የለም። 3.3ም እውነት፣ 3.2ም እውነት። የተዋሸው በቁመት ነው።

ይሄ ነገር ለምን እንደሚሠራ እንዲገባህ አንድ አጥር አስብ። የአጥሩ ቁመት 1 ሜትር ከ68 ነው። ከጀርባው ሁለት ጓደኛሞች ቆመዋል፤ አንዱ 1 ሜትር ከ70፣ ሌላው 1 ሜትር ከ75። አንተ ከመንገድ ሆነህ የምታየው ከአጥሩ በላይ የወጣውን ብቻ ነው። የአንዱ ፀጉሩ ብቻ በ2 ሳንቲሜትር ብቅ ብሏል። የሌላው ግንባሩ በ7 ሳንቲሜትር ይታያል። አጥር መኖሩን የማያውቅ ሰው «ይሄኛው ያንን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል» ቢል አትፍረድበት። አጥሩን ያቆመው ሰው ግን ምን እንደሠራ ያውቃል።

ባር ግራፍ ማለት ከመሬት ተነስቶ የሚቆም ቁመት ነው። ዓይንህ ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት ቁመትን ከቁመት ጋር ያወዳድራል፤ እጥፍ ከሆነ «እጥፍ ነው» ይላል፣ ሲሶ ከሆነ «ሲሶ ነው» ይላል። ይሄ ንጽጽር እውነት የሚሆነው ምሰሶው ከዜሮ ከተነሳ ብቻ ነው። ከዜሮ በላይ ካስነሳኸው ዓይን የሚያወዳድረው የምሰሶውን ጫፍ ከጫፍ ጋር ነው። ጫፍ ደግሞ ዕቃው አይደለም፤ ትርፉ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ፤ እነሱም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

የ2016 ውጤት ሲወጣ ተራው የእነሱ ሆነ። 3.2 በመቶ የነበረው 5.4 በመቶ ደረሰ። ወዲያው ሌላ ግራፍ ስልክ ለስልክ ዞረ። የ2015ቱ ምሰሶ መሬት ላይ የተለጠፈች ቁራሽ፣ የ2016ቱ ምሰሶ ፎቅ። አረንጓዴ ቀስት። በግራ በኩል የቁጥር መስመር ጭራሽ የለም፤ ቁጥሮቹ በምሰሶዎቹ አናት ላይ ብቻ ተጽፈዋል።

መስመሩን ያጠፋ ሰው ያመለጠ ይመስለዋል። አያመልጥም። ጋሼ ያሳዩኝን ላሳይህ፤ የሚያስፈልግህ ማስመሪያ ብቻ ነው።

ስልክህ ላይ ሁለቱን ምሰሶዎች ለካ። እኔ ስለካው አጭሩ ግማሽ ሳንቲሜትር፣ ረጅሙ 6 ሳንቲሜትር ሆነ። የቁመታቸው ልዩነት 5 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። የተጻፉት ቁጥሮች ልዩነት ደግሞ 5.4 ሲቀነስ 3.2፣ ማለትም 2.2 ነው። 2.2ን ለ5.5 አካፍል፤ አንዱ ሳንቲሜትር 0.4 ይቆማል ማለት ነው። እንግዲህ ግማሽ ሳንቲሜትር የሆነው አጭሩ ምሰሶ የያዘው 0.2 ብቻ ነው። አጭሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈው ግን 3.2 ነው። የቀረው 3 የት ሄደ? ከመሬት በታች ተቀብሯል። ግራፉ የሚጀምረው ከ3 ነው። ደብቀውት ነበር፣ በማስመሪያ አወጣነው።

ይህንን ለማንኛውም ግራፍ ሥራው። የቁመት ልዩነት፣ የቁጥር ልዩነት፣ አንዱ ሳንቲሜትር ስንት እንደሚይዝ፣ ከዚያ አጭሩ ምሰሶ ስንት እንደሚይዝ። አናቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ምሰሶው የያዘው ካልተገናኙ ግራፉ እግሩ ተቆርጧል። ስልክህ ትልቅ ይሁን ትንሽ ለውጥ አያመጣም፣ ሁለቱንም ምሰሶዎች በአንድ ስክሪን ላይ እስከለካህ ድረስ። ትንሽ ብትሳሳት መነሻው 2.9 ወይም 3.1 ሊወጣልህ ይችላል፤ ዜሮ ግን አይወጣም።

አሁን ውሸቱን እንመዝነው። በዓይን የሚታየው ምሰሶ ከ0.2 ወደ 2.4 አደገ፤ አሥራ ሁለት እጥፍ። የተጻፈው ቁጥር ግን ከ3.2 ወደ 5.4 ነው ያደገው፤ እጥፍ እንኳን አልሞላም፣ በ69 ከመቶ ገደማ ነው የጨመረው። ኤድዋርድ ተፍቲ የሚባል አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መለኪያ አበጅቶለታል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን እድገት በቁጥሩ ውስጥ ላለው እድገት አካፍል ይላል። አንድ አካባቢ ከወጣ ሥዕሉ ሐቀኛ ነው። ከአንድ በራቀ ቁጥር ይዋሻል። የዚህ ግራፍ ስንት ወጣ? ሥዕሉ ላይ 1,100 ከመቶ፣ ቁጥሩ ላይ 69 ከመቶ። ሲካፈል አሥራ ስድስት። እድገቱን አሥራ ስድስት ጊዜ አግዝፎ ነው ያሳየህ።

«ይሄ የእኛ አገር ካድሬ ሥራ ነው» እንዳትል። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኦባማ የጤና መድን ሕግ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ሲቆጠር ፎክስ ኒውስ የሚባለው ጣቢያ ሁለት ምሰሶ አሳየ። አንዱ የተመዘገቡት 6,000,000፣ ሌላው የታቀደው 7,066,000። አጭሩ ምሰሶ የረጅሙ ሲሶ ገደማ ነበር። የሚያይ ሰው «ከእቅዱ ሲሶውን ነው የደረሱት» ይላል። ስድስት ለሰባት ብታካፍለው ግን 85 ከመቶ ደርሰዋል። ነገሩ መሳለቂያ ሲሆን ጣቢያው ስህተቱን አምኖ አስተካክሎ አሳየ። ያንን ግራፍ የሠራው ሕጉን የሚቃወም ወገን ነበር፤ ከላይ ያየነውን አረንጓዴ ግራፍ ደግሞ የሚያሞግስ ወገን። እግር የመቁረጥ ሥራ ለተቃዋሚም ለደጋፊም እኩል ያገለግላል።

እሺ፣ ግራፉ ዋሸ። እውነቱስ ምንድን ነው? ከእኛ ብዙው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። «ሐሰተኛ ግራፍ ነው» ብሎ ይሄዳል። ሐሰት ማጋለጥ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያሳወቃቸውን ቁጥሮች ደርድረን እንያቸው። «ያለፈ» የምንለው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣውን ነው።

2014 ዓ.ም.፦ 896,520 ተፈተኑ፣ 29,909 አለፉ፣ 3.3 በመቶ።
2015 ዓ.ም.፦ 845,099 ተፈተኑ፣ 27,267 አለፉ፣ 3.2 በመቶ።
2016 ዓ.ም.፦ 674,823 ተፈተኑ፣ 36,409 አለፉ፣ 5.4 በመቶ።
2017 ዓ.ም.፦ 585,882 ተፈተኑ፣ 48,929 አለፉ፣ 8.4 በመቶ።

አሁን የልብስ ሰፊ ሜትር አምጣ። መቶ ሳንቲሜትሩ መቶ ተማሪ ይሁን። የ2015ቱን ምሰሶ ከዜሮ ጀምረህ ሳል፤ 3 ሳንቲሜትር ከትንሽ። የ2016ቱ 5 ሳንቲሜትር ከትንሽ። የ2017ቱ 8 ሳንቲሜትር ከትንሽ። ጎን ለጎን አቁማቸው። ምን ታያለህ?

አንደኛ፣ እውነተኛ እድገት ታያለህ። ይሄን መካድ የለብንም። የሦስተኛው ምሰሶ ቁመት የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህላል። በ2015 ካለፉት ይልቅ በ2017 ያለፉት በ21,662 ይበልጣሉ። እነዚያ ልጆች ሰዎች ናቸው፣ የአንዳንዶቻችሁ ወንድምና እህት ናቸው። ውጤታቸውን «ውሸት ነው» ብለን ልናጣጥልባቸው መብት የለንም።

ሁለተኛ፣ ከምሰሶዎቹ በላይ ያለውን ባዶ ታያለህ። እግር የቆረጠው ሰው የደበቀህ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ምሰሶው ገጹን ሁሉ ስለሞላው «ከስንት?» ብለህ እንዳትጠይቅ አደረገህ። ሜትሩ ላይ ግን ከ8 ሳንቲሜትሩ በላይ 91 ሳንቲሜትር ተኩል ባዶ ጨርቅ አለ። በ2017 ተፈትነው 50 ያልሞላላቸው 536,953 ልጆች ናቸው። እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው ያሉት። በአሥራ ሁለት እጥፉ ግራፍ ላይ እነሱ የሉም።

ሦስተኛውን ለማየት ምሰሶው አይበቃህም፣ ወደ ዝርዝሩ ተመለስ። የተፈተነውን ሰው ቁጥር ከላይ ወደ ታች አንብበው። 896 ሺህ፣ 845 ሺህ፣ 674 ሺህ፣ 585 ሺህ። ይወርዳል። በመቶ የሚባል ነገር ሁለት ቁጥር ነው፤ ከላይ ያለፈው፣ ከታች የተፈተነው። የላይኛው ሲያድግ በመቶው ያድጋል። የታችኛው ሲያንስም በመቶው ያድጋል። እዚህ ሁለቱም አብረው ሆነዋል።

ከ2015 ወደ 2016 ያለውን ብቻ እንውሰድ። ያለፉት ልጆች ከ27,267 ወደ 36,409 ጨመሩ፤ የ9,142 ጭማሪ፣ በሲሶ ያህል ማለት ነው። የተፈተኑት ደግሞ በ170,276 ቀነሱ፣ በአምስት አንድ ያህል። ሲሶ ብቻ የጨመረው ያላፊ ቁጥር፣ መካፈያው ስላነሰ፣ በመቶ ሲሰላ ከግማሽ በላይ የጨመረ ሆነ። እንግዲህ ስለ አንድ ነገር ሦስት መልስ አለህ። ግራፉን ያየ ሰው «አሥራ ሁለት እጥፍ» ይላል። በመቶኛውን ያነበበ ሰው «ወደ ሰባ ከመቶ ጭማሪ» ይላል። ሰዎቹን የቆጠረ ሰው «ሲሶ ጭማሪ» ይላል። የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። «አንድ ተፈታኝ የማለፍ ዕድሉ ስንት ነው?» ካልከኝ በመቶውን እሰጥሃለሁ። «አገሪቱ በዚህ ዓመት ስንት ያለፈ ተማሪ አገኘች?» ካልከኝ ቁጥሩን እሰጥሃለሁ።

እና እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው እንጂ በቀስቱ ቀለም ላይ አይደለም። ከ2015 እስከ 2017 የፈተና ወረቀት ፊት የተቀመጠው ልጅ በ259,217 አንሷል። የት ናቸው? ትምህርት ቤት ያሉ ናቸው? አቋርጠው ነው? ተፈናቅለው ነው? ተሰደው ነው? ወይስ ቀድሞውኑ ወደ 12ኛ ክፍል የደረሰው አንሶ ነው? ይሄንን ባር ግራፉ አይመልስልህም፤ እኔም ከእሱ ላይ አንብቤ ልመልስልህ አልችልም። ግን ጥያቄው የሚታየው እግር ሳትቆርጥ ሦስቱንም ረድፍ ስትደረድር ብቻ ነው። እግር የተቆረጠውን ግራፍ የለጠፈ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ይሄንን ጥያቄ ቀብሮታል። እኛም በ2015 «ሼር» ስንል አብረን አካፋ ይዘን ነበር።

ደግሞ ቁጥሩ የማይሸከመውን አታሸክመው። «8.4 ደረሰ፣ ስለዚህ ማስተማሩ ተሻሻለ» የሚል አለ። «3.2 ወረደ፣ ስለዚህ መምህሩ ሰነፈ» ያልንም ነበርን። እነዚህ ምሰሶዎች የሚናገሩት በዚያ ዓመት፣ በዚያ ፈተና፣ ከቀረቡት ልጆች ውስጥ ስንቱ 50 እንደሞላለት ብቻ ነው። ፈተናው በየዓመቱ ሌላ ነው። በ2014 ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈተነ። በ2016 ከወረቀቱ ሌላ በኮምፒውተር የተፈተነም አለ። የተፈታኙ ስብስብም እንዳየነው ተለውጧል። የተለያየ ወንፊት የተለያየ እህል ሲያጠል «እህሉ ተሻለ» ወይም «ወንፊቱ ሰፋ» ብሎ ከምሰሶው ቁመት ብቻ መማል አይቻልም።

አሁን መልስ ይዞ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ከዜሮ ከጀመርክ ትንሽ ለውጥ አይታይም» ይለኛል። ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይታይም። የ3.3ና የ3.2 ምሰሶ ከዜሮ ሲሳል እኩል ይመስላል። እኩል የመሰለው እኩል ሊሆን ምንም ስላልቀረው ነው! ግራፉ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ትንሹ ለውጥ ቁም ነገር አለው ካልክ በቃል ጻፈው፦ «ያለፉት በ2,642 ቀንሰዋል» በል። ይሄ ሐቅ ነው፣ ለማንም አይፈርስም፣ እግር መቁረጥም አያስፈልገውም።

ከዜሮ መጀመር የማይገባው ነገርም አለ፤ እሱን አልክድም። የልጅህ ሙቀት 36.5 ከነበረበት 39 ገባ እንበል። ይሄንን ከዜሮ በተነሳ ምሰሶ ብትስለው ሁለቱ እኩል ይመስላሉ፤ ልጁ ግን በትኩሳት እየነደደ ነው። የሰውነት ሙቀት ዜሮ ሆኖ አያውቅምና ዜሮው ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለውን ጤና ጣቢያ የሚስሉት በነጥብና በመስመር ነው፤ መስመር ከ35 ቢጀምር አይዋሽም፣ ምክንያቱም ዓይን መስመር ላይ የሚያየው መውጣት መውረዱን እንጂ ከመሬት የተነሳ ቁመትን አይደለም። መስመርም ቢሆን መነሻው ቁጥር በግልጽ መጻፍ አለበት። ምሰሶ ከሳልክ ግን ከዜሮ ነው። ያለፉ ተማሪዎች፣ የኩንታል ብዛት፣ ብር፣ ሰው፣ ሁሉም ዜሮ አላቸው።

በሌላ በኩል የሚዋሽም አለ፣ እሱንም ልብ በል። እድገቱን ሊያጣጥል የፈለገ ሰው ከዜሮ ይጀምርልህና ጣሪያውን እስከ መቶ ይሰቅለዋል፤ ምሰሶዎቹ ሁሉ መሬት ላይ የተኙ ይመስላሉ። «አየህ፣ ምንም አልተለወጠም» ይልሃል። እኔም ሜትሩን ያወጣሁት ባዶውን ላሳይህ እንጂ እድገቱን ልደብቅብህ አይደለም። ጣሪያው 10 ሆኖ መነሻው ዜሮ የሆነውንም ሳለው፤ ያን ጊዜ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በትክክለኛ መጠናቸው ጎልተው ይታያሉ። ሁለቱንም አይቶ የሚናገር ሰው ነው የሚታመን።

ወገን፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ሂሳብ ፍቅር አይደለም። የ2015ቱን ግራፍ ስንለጥፍ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በማግስቱ አንድ ሰው መጥቶ ከታች ያለውን 3.1 በቀይ አክብቦ ለጠፈው። «እነዚህ ናቸው እውነት ተናጋሪ ነን የሚሉት» አለ። መልስ አልነበረንም። ከ845,099 ተፈታኝ 817,832 ልጅ 50 አልሞላለትም የሚል፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ እውነት በእጃችን ነበር። እሱን ትተን ግማሽ የወደቀ ምሰሶ መረጥን። የሚከራከሩን ሰዎች ስለ 817,832 ልጆች መልስ መስጠት ነበረባቸው፤ እኛ ግን ስለ 3.1 እንዲያወሩ ዕድል ሰጠናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ 3.1 አወሩ። ስለ ልጆቹ ማንም አላወራም።

ግራፉን ያኔ ሳላጠፋው ቆይቻለሁ፤ አፍሬ ነበር። በኋላ አጠፋሁትና በቦታው ዝርዝሩን ለጠፍኩ፣ «ተሳስቼ ነበር» ብዬ። ላይኩ ከመጀመሪያው አሥራ ሁለት እጥፍ አነሰ ብልህ ልክ ግራፉን እንደሳሉት መሆኔ ነው፤ ብቻ በጣም አነሰ። ጋሼ ግን አይተው «አሁን ማንም አያፈርስብህም» አሉኝ።

ስለዚህ ቀጣዩ ውጤት ሲወጣ፣ ግራፍ ሲደርስህ፣ ምሰሶውን ከማየትህ በፊት ወደ ታች ተመልከት። ዜሮ ካለ ቀጥል። ሌላ ቁጥር ካለ አትለጥፈው፣ ራስህ ከዜሮ ሳለው። ምንም ቁጥር ከሌለ ማስመሪያ አውጣ። ከዚያ በመቶውን ብቻ ሳይሆን ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ የሚለውን ፈልገህ ከጎኑ ጻፍ። ግራፉ የእኛን ሐሳብ የሚደግፍ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ ለካው፤ ዓይናችን ቶሎ የሚታለለው በሚያስደስተን ነገር ነውና።

የእኛ ልጆች ጉዳይ በቂ ክብደት አለው። እግር ቆርጠን ልናስረዝመው አያስፈልግም።